ጥቁር የሸክላ ጀበና በመስኮት ብርሃን፦ ለሽያጭ ምስሎች የተዘጋጁ የትዕይንት ማዘዣዎች

እነዚህ ማዘዣዎች በእጅ ለተሠራ ጥቁር ጀበና የሽያጭ ገጽ ምስል ለማዘጋጀት የተጻፉ ናቸው። ምስል በሚፈጥረው የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያ ላይ እያንዳንዱ ማዘዣ ሲገባ፣ ከፊቱ የጋራ መግለጫው ሳይቀነስ ይቅደም፤ ጀበናው ከፊት፣ ከጎንና ከላይ የተነሳባቸው ሦስት ፎቶግራፎችም አብረው ይያያዙ። መሣሪያው ጀበናን ከዐረብ ቡና ማንቆርቆሪያ ወይም ከሻይ ጀበና ጋር ስለሚያምታታ፣ መግለጫው የረዘመው ለዚህ ነው።

የጋራ መግለጫ

የሚታየው ዕቃ አንድ ጥቁር የሸክላ ጀበና ነው። ቁመቱ 27 ሴንቲ ሜትር፣ ሆዱ በሰፊው በኩል 16 ሴንቲ ሜትር ነው። ሆዱ እንደ ኳስ ክብ ነው፤ አንገቱ ቀጭንና ቀጥ ያለ ሆኖ ወደ አፉ ሲደርስ በጥቂቱ ይከፈታል። በአንድ ጎኑ ከአንገቱ ተነስቶ ትከሻው ላይ የሚያርፍ አንድ እጀታ፣ በተቃራኒው ጎን ደግሞ አጭር ማፍሰሻ አለው። መቀመጫው ክብ ስለሆነ ያለ ማቶት አይቆምም፤ ስለዚህ በሁሉም ምስሎች፣ በሰው እጅ ካልተያዘ ወይም ተደፍቶ ካልተቀመጠ በቀር፣ በተጠለፈ የሳር ማቶት ላይ ይቀመጥ። ገጹ በለስላሳ ድንጋይ ተወልውሎ የተሠራ በመሆኑ እንደ መስታወት አያብለጨልጭም፤ ነገር ግን በብርሃን ፊት ለስላሳ ነጸብራቅ ይሰጣል፣ የሠሪዋ እጅ የተወው ስስ የቁልቁል ጭረትም በቅርብ ሲታይ ይለያል። ቀለሙ ፍጹም ጥቁር ሳይሆን ወደ ቡናማ የሚያደላ የከሰል ጥቁር ነው። ምስሉ እውነተኛ ፎቶግራፍ ይምሰል፤ ብርሃኑ ከአንድ መስኮት ብቻ ይምጣ፤ በክፍሉ ውስጥ የበራ መብራት አይኑር።

ማዘዣ አንድ፦ የጥቅምት ጠዋት በኮንዶሚኒየም ቤት

በአዲስ አበባ በአንድ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ በሚገኝ አነስተኛ ሳሎን ውስጥ፣ በጥቅምት ወር ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ የተነሳ ፎቶግራፍ ይሁን። ክረምቱ ካለፈ በኋላ ያለው ሰማይ ጥርት ያለ ስለሆነ ብርሃኑ ንጹሕና ቀጥተኛ ነው። መስኮቱ ወደ ምሥራቅ የሚያይ፣ ከተመልካቹ በስተግራ ያለና በከፊል የተከፈተ ሲሆን፣ ነጭ ስስ መጋረጃው ወደ አንድ ጎን ተሰብስቧል። ፀሐይዋ ከአድማስ 25 ዲግሪ ያህል ከፍ ስላለች፣ ጀበናው በዝቅተኛው የእንጨት ጠረጴዛ ላይ የሚጥለው ጥላ ከራሱ ቁመት ሁለት እጥፍ ገደማ ሆኖ ወደ ቀኝ ይዘርጋ፤ የመስኮቱ የብረት ፍርግርግ ጥላም በትይዩ ባለው የክሬም ቀለም ግድግዳ ላይ በሰያፍ ይታይ። ሁለቱ ጥላዎች አንድ አቅጣጫ መያዝ አለባቸው፤ ይህ ሳይሆን ከቀረ ምስሉ የቱንም ያህል ቢያምር ይጣል።

ጀበናው በጠረጴዛው ላይ ከመሐል ትንሽ ወደ ግራ ይቀመጥ፤ እጀታው ወደ ተመልካቹ ጎን በጥቂቱ ይዙር። ጥቁር ዕቃ በንጣቱ ስለማይታይ፣ ቅርጹን የሚያሳየው በሆዱ ላይ የሚያርፈው የመስኮቱ ነጸብራቅ ነው፤ ስለዚህ በግራው ትከሻ ላይ ከላይ ወደ ታች የሚወርድ፣ ዳርቻው የለዘበ የብርሃን መስመር ይታይ፤ በቀኝ በኩል ደግሞ ከግድግዳው ተመልሶ የሚመጣው ደብዛዛ ብርሃን የጀበናውን ጠርዝ ከጥላው ይለየው። ይህ የቀኝ ጠርዝ ከጨለማው ጋር ከተዋሐደ፣ ገዢው የሚያየው ጥቁር ነጠብጣብ እንጂ ጀበና አይሆንም።

ከጀበናው በስተቀኝ አንድ ረከቦት፣ በላዩም ጆሮ የሌላቸው አራት ነጫጭ ሲኒዎች ይቀመጡ፤ ሦስቱ ባዶ፣ አንዱ ግማሹ የተጠጣ ይሁን። ከሲኒዎቹ አጠገብ ትንሽ የስኳር ሳህንና አንድ የሻይ ማንኪያ፣ ከኋላ በደበዘዘው ክፍል ደግሞ የታጠፈ ጋቢ የተጣለበት የሶፋ ጠርዝ፣ ከግድግዳው ሥር የተሰካ የስልክ ቻርጀርና በመስኮቱ ደፍ ላይ በቆርቆሮ ጣሳ የተተከለ ጤና አዳም ይታዩ። ቻርጀሩን ማንም አያስተውለው ይሆናል፤ ነገር ግን ቤቱ ሰው የሚኖርበት መሆኑን ከሁሉም በላይ የሚናገረው እሱ ነው። ቄጠማ አይጎዝጎዝ፤ ቀኑ ተራ የሥራ ቀን ነውና። በምስሉ ውስጥ ሰው አይታይ። ካሜራው በተቀመጠ ሰው ዓይን ከፍታ ላይ ይሁን፤ ሌንሱ 50 ሚሊ ሜትር፣ ክፍተቱ ኤፍ 4፣ የምስሉ መጠን 4 በ5 የቁም ይሁን።

ማዘዣ ሁለት፦ የክረምት ቀን በወጥ ቤት

በነሐሴ መጀመሪያ፣ ሰማዩ በደመና በተሸፈነበት ቀን፣ ከቀኑ 5 ሰዓት ላይ በጠባብ ወጥ ቤት ውስጥ የተነሳ ፎቶግራፍ ይሁን። መስኮቱ ከመታጠቢያው በላይ ያለና ትንሽ ነው፤ መስታወቱ ላይ የዝናብ ነጠብጣብ አለ። ብርሃኑ ለስላሳና ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ይሁን፤ የጥላዎቹ ዳርቻ እስከማይለይ ድረስ ይለዝብ። ጀበናው ታጥቦ በእንጨት የዕቃ ማድረቂያ ላይ በጎኑ ተደፍቷል፤ በሆዱ ላይ ጥቂት የውኃ ጠብታዎች አሉ፣ ከአፉም አንድ ጠብታ ሊወርድ ነው። ከጎኑ ነጭ ፎጣና ሁለት የተደፉ ሲኒዎች ይታዩ። መታጠቢያው አዲስ አይሁን፤ የቧንቧው ሥር በጥቂቱ ይዛግ። የነጭ ሚዛኑ የሚስተካከለው በፎጣው ነው፤ ፎጣው ቢጫ ከሆነ ዝናቡ ይጠፋል።

ማዘዣ ሦስት፦ የጥር እኩለ ቀን በሲልቨር ስፕሪንግ

ይህ ማዘዣ በአሜሪካ ለሚገኙ ገዢዎች የሚቀርበውን ምስል ይመለከታል። በሜሪላንድ ግዛት በሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ በአንድ አሮጌ የጡብ አፓርትመንት ውስጥ፣ በጥር ወር እኩለ ቀን ላይ የተነሳ ፎቶግራፍ ይሁን። በዚያ ኬክሮስ፣ በዚያ ወቅት የእኩለ ቀን ፀሐይ በደቡብ በኩል ከአድማስ 30 ዲግሪ ገደማ ብቻ ከፍ ትላለች፤ ስለዚህ የአዲስ አበባ እኩለ ቀን የማይሰጠውን ረጅምና ዝቅተኛ ብርሃን እስከ ክፍሉ ውስጠኛ ጥግ ድረስ ታስገባለች። መስኮቱ ወደ ላይ እየተገፋ የሚከፈት ባለ ነጭ የእንጨት ክፈፍ ነው፤ ከውጭ ቅጠሉን ያራገፈ ዛፍ ይታያል፣ የቅርንጫፎቹ ጥላም በጠረጴዛው ልብስ ላይ ይረፍ። ከመስኮቱ ሥር የቤት ማሞቂያው የብረት መደዳ አለ።

ጀበናው በማቶቱ ላይ ሆኖ በምግብ ጠረጴዛው ጫፍ ይቀመጥ፤ ካሜራው ከመስኮቱ ፊት ለፊት ሳይሆን 45 ዲግሪ ያህል ወደ ጎን ይቁም፤ አለበለዚያ ጀበናው እንደ ጥላ ብቻ ይታያል። በጠረጴዛው ላይ ትንሽ ረከቦት፣ ፈንዲሻ የያዘ የመስታወት ሳህን፣ የተገለጠ የልጅ የትምህርት ቤት ደብተርና እርሳስ ይኑሩ። በደብተሩ ላይ የተጻፈው እንዳይነበብ ሆኖ ይደብዝዝ፤ መሣሪያው ፊደል ሲሞክር የሚያወጣው ፊደል የሚመስል እንጂ የሚነበብ አይደለምና። ከኋላ በወንበር ላይ የተሰቀለ ወፍራም የክረምት ካፖርት ይታይ። ግድግዳው ላይ ባንዲራ፣ ካርታ ወይም የባህል ሥዕል አይሰቀል፤ ጀበናው ራሱ የመጣበትን አገር ለመናገር በቂ ነው። ሌንሱ 35 ሚሊ ሜትር፣ የምስሉ መጠን 3 በ2 የአግድም ይሁን።

ማዘዣ አራት፦ ሲቀዳ፣ በምሥራቅ ጎጃም የገጠር ቤት

ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ፣ በአንድ የጭቃ ግድግዳ ቤት ውስጥ፣ ወደ ምዕራብ በሚያይ መስታወት የሌለው ትንሽ የእንጨት መስኮት ብርሃን የተነሳ ፎቶግራፍ ይሁን። መዝጊያው ወደ ውጭ ተከፍቷል፤ ፀሐይዋ ዝቅ ብላ ወርቃማ ሆናለች፤ ከጀበናውም ትንሽ ወደ ኋላ ካለው ጎን ትምጣ። ብርሃኑ ከኋላ መምጣቱ የቡናውን እንፋሎት እንዲታይ ያደርገዋል፤ ፊት ለፊት ቢሆን ኖሮ እንፋሎቱ በግድግዳው ላይ ይጠፋ ነበር። ከማጨሻው የሚወጣው የእጣን ጢስም በመስኮቱ ብርሃን ውስጥ ሲያልፍ ስስ ጨረር ይሥራ፤ ሆኖም ጢሱ ቤቱን እንዳይሞላው፣ አንድ ቀጭን መስመር ብቻ ይሁን።

በምስሉ ውስጥ በዕድሜ የገፉ የአንዲት እናት ሁለት እጆች ብቻ ይታዩ። ቀኝ እጃቸው የጀበናውን እጀታ ይዟል፤ ግራ እጃቸው ሲኒውን በረከቦቱ ላይ ያስተካክላል። በእያንዳንዱ እጅ አምስት ጣቶች ብቻ ይኑሩ፤ የነጭ ቀሚሳቸው እጅጌ ጥለት በጠርዙ ብቻ ይታይ። ጀበናው ወደ ሲኒው ዘንበል ብሎ፣ ቡናው ከማፍሰሻው ቀጭንና ያልተቋረጠ ሆኖ ይውረድ፤ ጥቁር ቡናማ ሆኖ በብርሃኑ ዳርቻው ይቅላ። የጀበናው ሥር በጥላሸት ትንሽ ይጥቆር፤ ከእሳት የወረደ ጀበና ንጹሕ ሥር የለውምና። ከኋላ ያለው ግድግዳ ባዶ ይሁን፤ ከምድጃው አጠገብ የሚታየው አንድ የመቀመጫ ዱካ ብቻ ነው። ሌንሱ 85 ሚሊ ሜትር፣ ክፍተቱ ኤፍ 2.8 ይሁን፤ ትኩረቱ በማፍሰሻው ጫፍ ላይ ይረፍ።

ማዘዣ አምስት፦ የገጹ ቅርበት

የጀበናው ሆድ የምስሉን ሦስት አራተኛ ይሙላ፤ የመስኮቱ ብርሃን ከጎን እያነሰ ይሂድና የውልወላውን ጭረት ያውጣው። ከዳር ያለው ያልተለበጠ የእንጨት ጠረጴዛ ብቻ ነው። መጠኑ 1 በ1 ይሁን።

በሁሉም ማዘዣዎች መጨረሻ የሚጨመር

ምስሉ ውስጥ የብረት ማንቆርቆሪያ፣ ረጅምና ጠማማ አፍንጫ ያለው የዐረብ ቡና ዕቃ፣ ጆሮ ያለው ሲኒ፣ የኤሌክትሪክ ቡና ማሽን፣ ወደ ግድግዳው የሚደገም የሁለተኛ መስኮት ብርሃን፣ ከጀበናው ላይ የሚነበብ ጽሑፍ ወይም ምልክት አይግባ። ጀበናው ሁለት እጀታ ካወጣ፣ ማፍሰሻው ከሆዱ መሐል ከተነሳ ወይም ያለ ማቶት ከቆመ ምስሉ እንደገና ይሠራ፤ ዳራው ከልክ በላይ ሥርዓት ከያዘም እንዲሁ። ከሚወጡት ምስሎች መካከል ለገጹ የሚመረጠው፣ ከተያያዙት ሦስት ፎቶግራፎች ጎን ተቀምጦ በእጀታው ቅስት፣ በአንገቱ ርዝመትና በሸክላው ቀለም የሚመሳሰለው ነው፤ የማይመሳሰለው ግን በፋይሉ ስም ላይ «ለሙከራ» ተብሎ ይቀመጥ፤ ለገዢም አይታይ።