የቡና ዋጋ ማቅረቢያ ኢሜይል ከመላኩ በፊት የሚታይ ማረጋገጫ
(ለሽያጭ ክፍል፣ ጅማ)

ጻፊው ራሱ አያርመውም፤ ሌላ ባልደረባ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነባል። የተቀባዩ አድራሻ የሚሞላው መጨረሻ ላይ ነው።

ስምና ማዕረግ
☐ የገዢው ስም ከራሱ ኢሜይል ግርጌ ካለው ፊርማ ጋር ፊደል በፊደል ይመሳከር።
☐ ዶ/ር፣ ወ/ሮ ወይስ ወ/ሪት? ካላወቅን ሙሉ ስም ብቻ። ግልባጭ ለሚደርሳቸው የዞን ኃላፊዎች ኦቦ እና አዴ እንዳይቀላቀሉ።
☐ የቡናው ስም በውሉ Djimmah ከተባለ፣ ሰነዶቹ ሁሉ እንዲሁ ይበሉ። ከተማችንን Jimma ብለን ብንጽፍም የባንክ ሰነድ መርማሪ በልዩነቱ ምክንያት ሰነዱን ሊጥለው ይችላል።

ቁጥሮች (እዚህ አትቸኩሉ፤ ገንዘቡ ያለው እዚህ ነው)
☐ 320 ጆንያ × 60 ኪሎ = 19,200 ኪሎ። በካልኩሌተር እንደገና ይሠራ።
☐ ዋጋው በፓውንድ ነው ወይስ በኪሎ? 19,200 ኪሎ ወደ 42,329 ፓውንድ ነው። መለኪያው ከተሳሳተ ጠቅላላው ከእጥፍ በላይ ይዛባል።
☐ በአኃዝና በፊደል የተጻፈው ድምር አንድ ነው?
☐ የመጫኛ ቀን በፈረንጆች ይጻፍ፦ የካቲት 20 ቀን 2018 ማለት ፌብሩዋሪ 27 ቀን 2026 ነው።
☐ የባንክ ሒሳብ ቁጥር ከባንኩ ደብዳቤ እንጂ ከድሮ ኢሜይል አይገለበጥ።

አባሪዎች
☐ ፕሮፎርማውና የቅምሻ ውጤቱ ከረቂቁ ላይ ተከፍተው ይታዩ። የናሙና ቁጥራቸው አንድ ይሁን።
☐ ኤክሴል አይላክ፤ የሌላ ገዢ ዋጋ በተደበቀ ገጽ ሊቀር ይችላል። ፒዲኤፍ ብቻ።
☐ «ተያይዟል» ያልነው ሁሉ ተያይዟል?

አራሚው ከታች ፈርሞ ለሽያጭ ኃላፊዋ ያስረክባል።