ስለቀረበልኝ የሥራ ዕድል ምስጋናና ይቅርታ

ኅዳር 22 ቀን 2018 ዓ.ም.
አማኑኤል፣ ምሥራቅ ጎጃም

ለዱቄት ፋብሪካው ዋና ሥራ አስኪያጅ
ደብረ ማርቆስ

ጉዳዩ፦ የጥሬ ዕቃ ግዥና ጥራት ኃላፊነትን መቀበል ያለመቻሌን ስለመግለጽ

የተከበሩ ሥራ አስኪያጅ፣

ኅዳር 18 ቀን የተጻፈው የቅጥር ደብዳቤ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ደርሶኛል። ከአመልካቾች ሁሉ መርጣችሁ ይህን ኃላፊነት ልትሰጡኝ በመወሰናችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ሥራውን ግን መቀበል አልችልም። ደብዳቤያችሁ ከመድረሱ አራት ቀን ቀደም ብሎ፣ ሰኞ ኅዳር 15 ቀን፣ በአዴት የግብርና ምርምር ማዕከል በአፈር ለምነት ዘርፍ ለመሥራት ተስማምቼ ፈርሜያለሁ።

ጥፋቴን አስቀድሜ ልናገር። በፈረምሁበት ዕለት ስልክ ደውዬ ማመልከቻዬን ማንሳት ነበረብኝ። ቃለ መጠይቁ ካለፈ ሦስት ሳምንት ስለሆነው ሌላ ሰው መርጣችኋል ብዬ ገመትሁ፤ ግምቴን ይዤ ዝም አልሁ። አዲሱ ስንዴ ከየአውድማው ወደ መጋዘን በሚገባበት በዚህ ወቅት ግዥውን የሚይዝ ሰው መጠበቅ ምን እንደሚያስከትል ስለማውቅ፣ የባከነባችሁ ቀን ሁሉ ይቆጨኛል። ስለዚህ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ጥቅምት 25 ቀን የተደረገልኝን ፈተና አልረሳውም። ብዙ ቦታ ቃለ መጠይቅ ገብቻለሁ፤ «ደካማ ጎንሽ ምንድን ነው?» የሚለውን ጥያቄ ስንት ጊዜ እንደመለስሁት ቁጥሩ ጠፍቶብኛል። እርስዎ ግን ከወንበር አስነሥተው ወደ መጋዘኑ ወሰዱኝ፤ ከሦስት ጆንያ ሦስት እፍኝ ስንዴ ሰፌድ ላይ አድርገው «እስቲ ለዪልን» አሉኝ። ዝናብ ያገኘውን በመልኩ፣ ያልደረቀውን በጥርሴ ለየሁ። ሦስተኛውን ተሳሳትሁ። ከአዛውንቱ የመጋዘን ሠራተኛ ጋር ተያይታችሁ ፈገግ ስትሉ የወደቅሁ መስሎኝ ነበር፤ «በዚህኛው እኛም ተታልለን ገዝተነዋል» ብለው አጽናኑኝ። ሠራተኛን በእህሉ ፊት አቁሞ የሚፈትን አለቃ ሥራውን የሚያውቅ አለቃ ነው። ከእንደዚህ ያለ ሰው ሥር መሥራት እንደሚያስተምረኝም አልጠፋኝም።

ታዲያ ለምን ወደ አዴት እንደምሄድ በግልጽ መናገር ይገባኛል፤ በደመወዝ እንዳልሆነ የእናንተን ደብዳቤ ያነበበ ሁሉ ይረዳል። እናንተ ያቀረባችሁልኝ ከምርምር ማዕከሉ ይበልጣል፤ የቤት አበልም አለው። እናቴ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አስቀምጣ ካስነበበችኝ በኋላ ለረዥም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ «እንግዲህ ቃል ሰጥተሻል» ብላ ቡናዋን ማፍላት ቀጠለች። ምርቃት ይሁን ወቀሳ እስካሁን አልለየሁትም።

የአባቴ ማሳ እዚሁ ማቻክል ውስጥ ነው። ልጅ ሳለሁ ስንዴና ገብስ ያበቅል የነበረው ቁራሽ መሬት ከዓመት ዓመት እየከሳ ሄዶ ዛሬ የሚሰጠን ኢንግዶና ግብጦ ነው። አባቴ ማዳበሪያ ጨመረ፤ ሰብሉ ግን እንደቀጨጨ ቀረ። ጎረቤት «መሬቱ ደክሞታል» ይለው ነበር። ነገሩ የአፈር አሲዳማነት መሆኑን የተረዳሁት ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላ ነው፦ ብዙ ዝናብ ካልሲየሙንና ማግኒዚየሙን አጥቦ ይወስዳል፤ የአፈሩ ፒኤች ከ5.5 በታች ሲወርድ አሉሚኒየም ይሟሟና የሥሩን ጫፍ ያኮስሳል፤ ገበሬው ገንዘብ ከፍሎ የጨመረው ፎስፈረስም በአፈሩ ተይዞ ለሰብሉ ሳይደርስ ይቀራል። አባቴ ለካ ብሩን ለአፈሩ እንጂ ለስንዴው አልነበረም የሚሰጠው። መድኃኒቱ ኖራ መሆኑ ይታወቃል። ምን ያህል ኖራ፣ በየትኛው አፈር፣ በስንት ዓመት አንድ ጊዜ፣ ያን ያህል ኩንታልስ በምን ተጭኖ ከተማ ርቆ ያለው ገበሬ ደጅ ይደርሳል የሚለው ነው አስቸጋሪው። የተሰጠኝ ሥራ ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። የመመረቂያ ጽሑፌን የሠራሁትም በዚሁ ጉዳይ ስለሆነ፣ ለእኔ ከዚህ የቀረበ መደብ አላገኝም።

ከእናንተ ዘንድ ብቀጠር ከስንዴው ጋር የምገናኘው ጆንያ ውስጥ ከገባ በኋላ ነበር። ያም ትልቅ ሥራ ነው፤ ይሁንና ዓይኔ ወደ ማሳው መሸሹ አይቀርም ነበር፤ ግማሽ ልቧን የያዘች የጥራት ኃላፊ ደግሞ ለፋብሪካው ኪሳራ ናት። የተሻለ ደመወዝ ስላገኘሁ የፈረምሁትን ልሰርዝ ብል፣ ከአፍ የወጣ አፋፍ ነውና፣ ነገ ለእናንተ የምሰጣችሁን ቃል ማን ያምነዋል?

ጉዳዩን በባዶ እጄ እንዳልተወው አንድ ነገር ላንሳ። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ አብራኝ የተማረች ባልደረባዬ ላለፉት አራት ዓመታት በገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን እህል ስትረከብ ቆይታለች። ሦስተኛውን እፍኝ እሷ አትሳሳተውም ነበር። ደብረ ማርቆስ መጥታ ለመሥራት ፈቃደኛ መሆኗን ትናንት ጠይቄ ተረድቻለሁ፤ ከፈለጋችሁ ደውላችሁ ንገሩኝና በራሷ ፈቃድ ስልኳን እሰጣችኋለሁ። መረጣው የእናንተ ነው፤ እኔ ዋስ የምሆነው ለሥራ ዕውቀቷ ብቻ ነው።

ሳልጠየቅ መናገሬን ይታገሡኝና፣ መጋዘኑን ስታሳዩኝ በምሥራቅ በኩል ያለው ክምር ግድግዳውን ተደግፎ አይቻለሁ። ከሥሩ ረብራብ አለው፤ ከግድግዳው ግን ሰው የሚያልፍበት ያህል ቢርቅ አየርም ያልፋል፤ ነቀዝ ሲገባም ዞሮ ለማየት ይመቻል። ያን ዕለት ልናገረው አስቤ ፈተና ላይ ያለ ሰው አለቃውን አያርምም ብዬ ተውሁት።

የተላከልኝን የሥራ ውል ሁለቱንም ቅጂ ሳልፈርምበት ከዚህ ደብዳቤ ጋር መልሻለሁ። ለማመሳከሪያ በሰው ኃይል ክፍል የተውሁትን ዋናውን የትምህርት ማስረጃ የአክስቴ ልጅ በዚህ ሳምንት መጥታ እንድትረከብ የፈረምሁበት የውክልና ወረቀት አስይዣታለሁና፣ እንዲሰጧት ቢያዝዙልኝ። ለቃለ መጠይቁ የተሰጠኝን የመጓጓዣ ገንዘብ ለመመለስ ለሒሳብ ክፍሏ ሠራተኛ ደውዬ ነበር፤ «ለመጣ ሰው የሚሰጥ ነው፣ ለተቀጠረ አይደለም» ብላ ስቃብኝ ዘጋችው። እሷንም አመስግኑልኝ።

አዛውንቱን የመጋዘን ሠራተኛ ሰላም በሉልኝ። ሦስተኛው እፍኝ ከየት ወረዳ እንደመጣ ሳልጠይቃቸው ወጥቻለሁ፤ በዚያ በኩል ሳልፍ ጎራ ብዬ እጠይቃቸዋለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣

ስመኝ
የአፈር ሳይንስ ባለሙያ