ጉዳዩ፦ ለተሰረዘው የጣና ዳር ኮንሰርት የከፈልነው የቲኬት ገንዘብ እንዲመለስልን ስለመጠየቅ

ባሕር ዳር
ግንቦት 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለዝግጅቱ አዘጋጅ ድርጅት ሥራ አስኪያጅ

ጤና ይስጥልኝ።

ቅዳሜ ሚያዝያ 18 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ በዳግማ ትንሣኤ ዋዜማ፣ ጣና ዳር ይካሄዳል ያላችሁት ኮንሰርት በዚያው ምሽት ተሰርዟል። ለሰባት ሰው የከፈልነው 7,100 ብር ግን እስከ ዛሬ አልተመለሰም። ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት ገንዘቡ በሙሉ እንዲመለስልን ነው። ለሌላ ዝግጅት የሚሆን ቲኬት አንፈልግም።

ቲኬቶቹን የገዛሁት ረቡዕ ሚያዝያ 8 ቀን ነው። የገዛሁትም እናንተ እንዲሸጥላችሁ ከወከላችሁት ሱቅ ነው። አምስቱ መደበኛ ናቸው፣ እያንዳንዳቸው 700 ብር። ሁለቱ ቪአይፒ ናቸው፣ እያንዳንዳቸው 1,800 ብር። ብሩን የከፈልኩት ሱቁ ግድግዳ ላይ በተለጠፈው የድርጅታችሁ የቴሌብር ቁጥር ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ቢሯችሁ ስደውል "ሱቁን ጠይቂ" ስለተባልኩ ነው። ሱቁን ጠየቅኩ። ባለሱቁ "እኔ የኮሚሽን ሰው ነኝ፣ ብሩ እጄ አልገባም" አለኝ። እውነቱን ነው፤ የቴሌብር መልእክቴም ገንዘቡ በቀጥታ ለእናንተ እንደገባ ያሳያል።

አሁን ወደ ዕለቱ ልምጣ። በሩ 11 ሰዓት ይከፈታል ተብሎ ስለነበር ሁላችንም ቀደም ብለን ደረስን። እህቴና ባለቤቷ ጠዋት ከደብረ ታቦር ተሳፍረው መጥተዋል። ሁለቱ የቪአይፒ ቲኬቶች የእነሱ ነበሩ። ቪአይፒው እራትና ከኮንሰርቱ በፊት የጀልባ ሽርሽር ይጨምራል ብላችሁ ስለነበር፣ የእህቴ ባል ዓባይ ከጣና በሚወጣበት በኩል ጉማሬ አያለሁ ብሎ ሲያወራ ነው የዋለው። ጀልባም እራትም አልነበረም። መድረኩ ገና ብረቱ ተዘርግቶ ሣር ላይ ተኝቷል። ድምፅ ማጉያ የሚባል ነገር ግቢው ውስጥ አላየንም። ከድርጅታችሁ አንድም ሰው ወጥቶ ያነጋገረን የለም። ሰዉ እየበዛ ሲሄድ በመጨረሻ ተሰርዟል ብሎ የነገረን ጥበቃው ነው። ምስኪን ሰውዬ፣ ስድቡን ሁሉ የጠጣው እሱ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንዲመልሱልኝ እፈልጋለሁ። መድረክ ያልቆመለት፣ የድምፅ መሣሪያ ያልገባለት ኮንሰርት እንደማይካሄድ አዘጋጁ የሚያውቀው መቼ ነው? አብራን የነበረች ጓደኛችን ለታናሽ ወንድሟ ተጨማሪ ቲኬት የገዛችው በዚያው ዕለት ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ነው። ያን ሰዓት ሽያጩ አልቆመም ነበር። ለእኔ ከመሰረዙ ይልቅ ያናደደኝ ይህ ነው።

ምክንያቱም ቢሆን እስካሁን አልጠራም። ማታ በቴሌግራም ገጻችሁ "በቴክኒክ ችግር" አላችሁ። በማግስቱ ስልክ ያነሳችው ልጅ ዝናብ ተፈርቶ ነው አለችኝ። በኋላ ደግሞ ድምፃዊው ቀሪ ክፍያ ስላልተጠናቀቀለት ከአዲስ አበባ አልተነሳም የሚል ወሬ ሰማን። የቱ እንደሆነ አላውቅም፣ ለጥያቄዬም ልዩነት የለውም። በእርግጥ ከአቅም በላይ የሆነ ነገር ገጥሟችሁ ቢሆን እንኳ እሱ ለምን አላቀረባችሁም ለሚለው መልስ ይሆናል እንጂ ላልቀረበ ነገር የተቀበላችሁትን ብር ለማስቀረት ምክንያት አይሆንም።

በዚያው የቴሌግራም መልእክት "ገንዘባችሁ በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ ይመለሳል" ብላችሁ ነበር። ቀኑ ካለፈ ቆየ። መልእክቱም ከገጹ ላይ ጠፍቷል። ፎቶውን ግን በዚያው ማታ አንስቼ አስቀምጬዋለሁ፤ ከዚህ ጋር አያይዣለሁ። ከዚያ ወዲህ ስደውል የማገኘው መልስ እየተቀያየረ ነው። አንዴ ፋይናንስ ጋር ነው፣ አንዴ ባለቤቱ ከአዲስ አበባ ሲመለስ፣ አንዴ ቲኬታችሁን አትጣሉት ለክረምቱ ዝግጅት ይሠራል። መጨረሻ ላይ የቲኬቱን ጀርባ እንዳነብ ተነገረኝ። "የተሸጠ ቲኬት አይመለስም" ይላል።

ይህን ጽሑፍ ከመግዛቴም በፊት አይቼዋለሁ። ሐሳቡን ለቀየረ፣ ለታመመ፣ ለቀረ ሰው ይሠራል፤ እስማማለሁ። እኛ ግን አልቀረንም። የቀረው ዝግጅቱ ነው። የከፈልነው ለወረቀቱ ሳይሆን ወረቀቱ ላይ ለተጻፈው ምሽት ነው።

ሕጉም ይህን በግልጽ ያስቀምጣል። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 1815 መሠረት ውል ሲሰረዝ ተዋዋዮቹ ከውሉ በፊት ወደነበሩበት ይመለሳሉ። እኛ ከውሉ በፊት የነበረን ነገር 7,100 ብር ነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006ም ሸማች ለሚደርስበት ጉዳት ካሣ የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። በዚህ ሄጄ ቢሆን የእህቴን የትራንስፖርት ወጪም መጨመር እችል ነበር። ለጊዜው አልጨመርኩትም፤ በሰላም እንድንጨርስ ስለምፈልግ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ይረዱልኝ። ከሰባቱ ቲኬቶች የእኔ አንዱ ብቻ ነው። የአራቱን ሥራ ቦታ ከባልደረቦቼ ሰብስቤ ነው የከፈልኩት። ማንም "ብሬን አምጪ" አላለኝም፤ ይሉኝታ ይዟቸዋል። ግን ምሳ ሰዓት ላይ የኮንሰርቱ ወሬ ሲነሳ ሁሉም ወደ እኔ ሳያዩ ዝም ይላሉ። እኔ ባልበላሁት ብር ለምን አፍራለሁ?

ስለዚህ እስከ ዓርብ ሰኔ 6 ቀን 2017 ዓ.ም. ድረስ 7,100 ብሩን በከፈልኩበት በራሴ የቴሌብር ቁጥር እንድትልኩልኝ እጠይቃለሁ። ከፋፍሎ መክፈል የግድ ከሆነባችሁ ቀኖቹን ጽፋችሁ፣ ማኅተም አድርጋችሁ ስጡኝ፤ በስልክ የሚሰጥ ቃል ግን ከእንግዲህ አልቀበልም። ሌሎቹ ቲኬት ገዢዎችም ገንዘባቸውን መቼና እንዴት እንደሚወስዱ በገጻችሁ ላይ እንደገና ብታሳውቁ ጥሩ ነው። ብዙዎቹ ተስፋ ቆርጠው ትተውታል፣ መተዋቸው ግን ገንዘቡን የእናንተ አያደርገውም።

እስከዚያ ቀን መልስ ካላገኘሁ ሰኞ ሰኔ 9 ቀን አቤቱታዬን ለባሕር ዳር ከተማ የንግድ ጽሕፈት ቤት አስገባለሁ። አብረውኝ ለመፈረም የተስማሙ ሌሎች ቲኬት ገዢዎችም አሉ።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር የሰባቱን ቲኬቶች የፊትና የጀርባ ኮፒ፣ የቴሌብር ክፍያ መልእክቱን እና የቴሌግራም ማስታወቂያችሁን ፎቶ አያይዣለሁ። ዋናዎቹ ቲኬቶች እኔ ጋር ናቸው፤ ገንዘቡ በገባ ዕለት አምጥቼ አስረክባለሁ። የደብዳቤውን ሁለተኛ ቅጂ "ደርሶናል" ብላችሁ ፈርማችሁ ለአድራሹ ልጅ እንድትመልሱልኝ እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር
የሰባቱ ቲኬቶች ገዢ
(ሙሉ ስሜና ስልኬ በተያያዘው የቴሌብር መልእክት ላይ ይገኛል)