የምግብ ማቆያ ትምህርት ፈተና፦ በረዶና ፍሪዘር

ሦስቱንም ስሩ። የሸመደዳችሁትን ትርጉም አትጻፉልኝ፣ እኔ የምፈልገው ምክንያቱን ነው።

1. አንድ ኪሎ የበሬ ሥጋ ለሁለት ተከፈለ። አንዱ እንዳለ የቤት ፍሪዘር ውስጥ በ-18 ዲግሪ ሴልሺየስ ተቀመጠ፤ ሌላው በስሱ ተቆርጦ በ-35 ዲግሪ ኃይለኛ ቀዝቃዛ አየር ተነፋበት። (12 ነጥብ)
ሀ) ከ-1 እስከ -5 ዲግሪ ያለውን ክልል ቶሎ የሚያልፈው የቱ ነው?
ለ) ትልልቅ የበረዶ ክሪስታል የሚሰራው የቱ ላይ ነው? ሴሎቹ ውስጥ ወይስ በሴሎቹ መሃል?
ሐ) ሲቀልጥ ሳህኑ ላይ ብዙ ቀይ ፈሳሽ የሚተወው የቱ ነው? ለምን?

2. በደንብ ያልተጠቀለለ የዶሮ ብልት ከወራት በኋላ ሲወጣ ጠርዙ ነጥቶና ደርቆ ተገኘ። አንድ ተማሪ "ባክቴሪያ ነው ያበላሸው" አለ። ተሳስቷል። በረዶው ሳይቀልጥ በቀጥታ ወደ ተን እንዴት እንደሚቀየር አስረዱ፣ ከዚያ ይህ ለውጥ ብቻውን ሥጋውን ለጤና አደገኛ ያደርገው እንደሆነ ወስኑ። ብዙ ሰው ደህና ምግብ የሚጥለው እዚህ ላይ ነውና ተጠንቀቁ። (8 ነጥብ)

3. መብራት እየሄደ እየመጣ የሰነበተ አይስክሬም አሸዋ አሸዋ አለ። ትንንሾቹ ክሪስታሎች የት ገቡ? (5 ነጥብ)