የወ/ሮ አስቴር ደምሴ የምስክርነት ቃል፣ ከመነሻ ንግግራቸውና ለተርጓሚው ከተጻፈው ማስታወሻ ጋር

ከድምፅ ቅጂው የተገለበጠ (ለቢሮው ማኅደር ብቻ፤ ለፍርድ ቤት አይገባም)

«እኔማ ምን ልበልህ ልጄ፣ ቡና ጠርታኝ ነው የሄድኩት። ጥምቀት ባለፈ በዚያው ሳምንት ነው። ጣሪያው እኮ ከገና በፊት ጀምሮ አብጧል፤ ነግሬያታለሁ፣ ፎቶም አንስቻለሁ። ሰውየው መጥቶ አይቶት ሄዷል አሉ፤ ምን ግድ አለው! ኋላ በሦስት ሰዓት፣ አይ፣ አራት ሳይሆን አይቀርም፣ ቶናው ላይ ነበርን፣ ጧ! አለ። ትከሻዋ ተሰበረ። ልጁ እንኳን ትምህርት ቤት ነበር፣ የእርሱ ሥራ ነው። አምቡላንሱ ደግሞ አንድ ሰዓት ሙሉ ቆየብን። ደረጃው ላይ መሰላል የያዘ ሰው አይቼ ነበር፣ እሱ ግን ከዚያ በፊት ነው…»

የምስክርነት ቃል

በከሳሽ በኩል የቀረበ
ምስክር፦ አ. ደምሴ
1ኛ ቃል
አባሪዎች፦ አደ1፣ አደ2፣ አደ3
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ 12/03/2025

በካውንቲ ኮርት፣ ሴንትራል ለንደን
የክስ ቁጥር L10CL274
ከሳሽ፦ ሂሩት ገብሬ
ተከሳሽ፦ የቤቱ አከራይ

1. ስሜ አስቴር ደምሴ ነው። የምኖረው በለንደን፣ ሃክኒ፣ ከከሳሿ ጋር በአንድ ሕንፃ፣ 1ኛ ፎቅ ቁጥር 3 ነው። የቢሮ ጽዳት ሠራተኛ ነኝ፤ ሥራ የምገባው ማታ ነው። ሂሩት 2ኛው ፎቅ ላይ የምትኖር ጎረቤቴ ናት። ዝምድና የለንም።

2. ይህ ቃል የተዘጋጀው በ05/03/2025 ከከሳሿ ጠበቃ ቢሮ ሠራተኛ ጋር በአካል ተገናኝተን፣ በ07/03/2025 ደግሞ በስልክ ተጨማሪ ጥያቄ ተጠይቄ ነው። ሁለቱንም ጊዜ የተነጋገርነው ያለ አስተርጓሚ በአማርኛ ነው።

3. የምናገረው በዓይኔ ያየሁትንና በጆሮዬ የሰማሁትን ነው። ከሌላ ሰው የሰማሁት ሲሆን ማን እንደነገረኝ እገልጻለሁ።

4. ሰዓት የምጠራው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው፤ በቅንፍ ያለው የእንግሊዝ ሰዓት ነው። «ጣሪያ» ስል ደግሞ የክፍሉን የውስጥ ኮርኒስ ማለቴ ነው፤ የሕንፃውን ክዳን አይደለም።

5. በ21/12/2024 ሂሩት ቤት ሄጄ ነበር። የሳሎኑ ጣሪያ፣ ከሶፋው በላይ፣ ቢጫ ሆኖ ወደ ታች አብጦ አየሁ። በስልኬ ፎቶ አንስቼ በዚያው ቀን ለሂሩት በዋትስአፕ ላክሁላት። ፎቶው ከተላከበት ቀን ጋር አባሪ አደ1 ነው።

6. በ10/01/2025 ገደማ ሂሩት አከራዩ መጥቶ ጣሪያውን አይቶ እንደሄደ ነገረችኝ። እኔ ሲመጣ አላየሁትም።

7. ከገና በኋላ፣ ከጥምቀት በፊት፣ ማለትም ከ07/01/2025 እስከ 19/01/2025 ባለው ጊዜ፣ በሕንፃው ደረጃ ላይ መሰላል የያዘ ወንድ አየሁ። ቀኑን ለይቼ አላስታውስም። ሰውየው ማን እንደሆነና የት ቤት እንደገባ አላውቅም።

8. ሐሙስ 23/01/2025 ጠዋት ሂሩት ቡና ጠራችኝ። ከ3 ሰዓት ተኩል (9:30) በኋላ ገባሁ። ልጇ ትምህርት ቤት ነበር። ሂሩት ሶፋው ላይ፣ እኔ በሩ አጠገብ ወንበር ላይ ነበርን። ረከቦቱ በመካከላችን ነበር።

9. አቦሉን ጠጥተን ቶናው ላይ ሳለን «ጧ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ከጣሪያው የእንጀራ ምጣድ የሚያህል ልስን ወርዶ ሂሩትን ግራ ትከሻዋ ላይ መታት። ሲወርድ አይቻለሁ። ከልስኑ ጋር ውሃም ወረደ።

10. ሂሩት ጮኸች። ግራ እጇን ማንሳት አቃታት። ልስኑን ከሶፋው ላይ ያነሳሁት እኔ ነኝ፤ እርጥብና ከባድ ነበር።

11. ወዲያው 999 ደወልኩ። ስልኬ ላይ የተመዘገበው ሰዓት ከረፋዱ 4 ሰዓት ከ22 (10:22) ነው። አምቡላንሱ በሩ ላይ እንደቆመ ለልጄ ደወልኩ፤ ይህ 4 ሰዓት ከ51 (10:51) ላይ ነው። የሁለቱ ጥሪዎች ዝርዝር አባሪ አደ2 ነው። ስንጠብቅ አንድ ሰዓት ያህል መስሎኝ ነበር፤ የስልኬን ዝርዝር ካየሁ በኋላ ግን ግማሽ ሰዓት ያህል እንደነበር ተረድቻለሁ።

12. ሂሩትን ከወሰዷት በኋላ እኔ እዚያው ቀረሁ። 5 ሰዓት ከ40 (11:40) ላይ የተከፈተውን ጣሪያና ወለሉ ላይ የነበረውን ፍርስራሽ ፎቶ አነሳሁ። ፎቶው አባሪ አደ3 ነው።

13. ውሃው ከየት እንደመጣ አላውቅም።

የእውነት ማረጋገጫ

በዚህ የምስክርነት ቃል ውስጥ የተገለጹት ፍሬ ነገሮች እውነት መሆናቸውን አምናለሁ። በእውነት ማረጋገጫ በተደገፈ ሰነድ ውስጥ፣ እውነት ነው ብሎ ከልቡ ሳያምን፣ ሐሰተኛ ቃል በሚሰጥ ወይም እንዲሰጥ በሚያደርግ ሰው ላይ የችሎት መድፈር ክስ ሊቀርብ እንደሚችል እረዳለሁ።

አስቴር ደምሴ (ፈርመዋል)፣ 12/03/2025

ለተርጓሚው (ለቢሮው ማኅደር ብቻ)

ዋናው ሰነድ አማርኛው ነው፤ የእንግሊዝኛው ትርጉም አብሮት ይገባል። ትርጉሙ ትክክል ስለመሆኑ ማረጋገጫ ይስጡ፤ የተተረጎመበትን ቀንም ከራስጌው ላይ ይጨምሩ። የተሳሳተ የመሰለዎት ነገር ካለ በትርጉም አያቃኑት፤ ይደውሉልኝና ምስክሯን እጠይቃለሁ።

ከሁሉ በላይ የምፈራው ሰዓቱን ነው። «አራት ሰዓት» እንዳለ ከተተረጎመ ጣሪያው የወደቀው ከሰዓት በኋላ ወይም ሌሊት ይሆናል፤ ከአምቡላንሱ መዝገብም ጋር ይጋጫል። በቅንፍ ያሉትን ቁጥሮች ብቻ ይጠቀሙ፤ አንቀጽ 4 ግን ይቆይ፣ ዳኛው አማርኛው ለምን ሌላ ቁጥር እንደያዘ ሊጠይቁ ይችላሉና። የወደቀበትን ደቂቃ ራሱን አልጻፍንም። ምስክሯ የሚያውቁት ቶናው ላይ እንደነበሩ ነው፤ ደቂቃውን የሚያውቀው ስልኩ ነው፣ እሱም የጥሪውን እንጂ የውድቀቱን አይደለም።

ቀኑን ያገኘነው «ጥምቀት ባለፈ በዚያው ሳምንት» ከሚለው ተነስተን ነው። ጥር 11 ቀን 2017 እሑድ 19/01/2025 ነበር፤ ሐሙስነቱን የጥሪው ዝርዝር አረጋገጠ።

«አይቶት ሄዷል አሉ» ውስጥ «አሉ» የምትለዋን ቃል አልፈናት ቢሆን ኖሮ ወ/ሮ አስቴር ባላዩት ጉብኝት ምስክር ሆነው መስቀለኛ ጥያቄ ላይ ይወድቁ ነበር። ማን እንዳላቸው ስጠይቅ «ሂሩት ናታ!» አሉ፤ አንቀጽ 6 የመጣው ከዚያ ነው። «ምን ግድ አለው» አስተያየት ስለሆነ ወጥቷል። «ተሰበረ» የሐኪም ቃል ነው፤ እሳቸው ያዩት እጇን ማንሳት እንዳቃታት ነው። የመሰላሉ ሰው ለከሳሿ የሚጠቅም ቢመስልም ከአከራዩ ጋር የሚያገናኘው ነገር ስለሌለ ባሉት ልክ ብቻ ተጽፏል።

«ምጣድ» የሚለውን ወደ ሴንቲሜትር አይለውጡ፤ ምስክሯ አልለኩም። ምን ዓይነት ዕቃ እንደሆነ በአጭሩ መግለጽ ይበቃል። «ጧ»ም ፍንዳታ አይሁን፤ ድምፅ ብቻ ነው።

ረቂቁን ከመፈረማቸው በፊት አንቀጽ በአንቀጽ ጮክ ብዬ አንብቤላቸዋለሁ። አንቀጽ 9 ላይ እኔ «ቀኝ ትከሻ» ብዬ ነበር፤ አስቁመውኝ የራሳቸውን ግራ ትከሻ መታ መታ አደረጉ። የተስተካከለውን ገጽ እንደገና አትመን ነው የፈረሙት፤ ቀኝ የሚለው አሮጌ ቅጂ እጅዎ ላይ ካለ ይጣሉት።