የአቼቶው ታይትሬሽን ውጤት ከፍ ያለበት ምክንያት

አዲስ አበባ
ኅዳር 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ ሂሩት፣

የላክሽልኝን የላቦራቶሪ ሪፖርትና ከደብተርሽ ያነሳሻቸውን ፎቶግራፎች ትናንት ማታ ረጋ ብዬ ተመለከትኳቸው። በስሌትሽ ላይ የሒሳብ ስህተት አላገኘሁም፤ የአሃድ አቀያየርሽም ትክክል ነው። ሆኖም በአቼቶው ውስጥ ያለው አሴቲክ አሲድ 0.8683 ሞላር ነው፣ ይህም በ100 ሚሊ ሊትር 5.21 ግራም ይሆናል ብለሽ ያቀረብሽው ውጤት ከሚገባው በላይ ሆኗል። «ፋብሪካው በጠርሙሱ ላይ የጻፈው 5 በመቶ ከእውነተኛው ያነሰ ነው» የሚለው መደምደሚያሽም በዚሁ ቁጥር ላይ ስለቆመ አብሮት ይወድቃል። የስህተቱ ምንጭ ከስሌቱ በፊት፣ ቢዩሬቱን በዘጋሽበት ቅጽበት ላይ ነው፤ ይህንንም ያወቅሁት በሌላ መንገድ ሳይሆን አንቺው ራስሽ በጥንቃቄ ከመዘገብሻቸው ማስታወሻዎች ነው።

ከደብተርሽ እንነሳ። 25.00 ሚሊ ሊትር አቼቶ ወስደሽ በቮልዩሜትሪክ ፍላስክ ውስጥ እስከ 250.0 ሚሊ ሊትር አቅጥነሻል። ከዚያ በየጊዜው 25.00 ሚሊ ሊትር በፒፔት እየቀዳሽ፣ 50 ሚሊ ሊትር ያህል የተጣራ ውሃና ጥቂት የፌኖልፍታሊን ጠብታዎች ጨምረሽ፣ 0.1012 ሞላር በሆነው ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ታይትሬት አድርገሻል። የመጀመሪያው ሙከራ 21.40 ሚሊ ሊትር፣ ሁለተኛው 21.50፣ ሦስተኛው 20.60 ወስዷል። በመጀመሪያው ፊት ለፊት «ደማቅ ሮዝ»፣ በሁለተኛው ፊት ለፊት «ደማቅ ሮዝ፣ አልጠፋም» ብለሽ ጽፈሻል፤ በሦስተኛው ላይ ደግሞ «ሰዓት ስላለቀ ቀለሙ ብቅ እንዳለ ዘጋሁት፣ በጣም ፈዛዛ ነው» ይላል። በሪፖርቱ ውስጥ ሁለቱን ተቀራራቢ ቁጥሮች አማክለሽ 21.45ን ተጠቅመሻል፤ ሦስተኛውን ግን «ከሌሎቹ የራቀ» በሚል ትተሽዋል። እኔ ደግሞ ከሦስቱ ውስጥ ያልተበላሸው እርሱ ብቻ ነው ብዬ አምናለሁ።

ምክንያቱን ላስረዳሽ። ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ከአሴቲክ አሲድ ጋር የሚዋሃደው አንድ ሞል ለአንድ ሞል ነው። ስሌታችን ሁሉ የተመሠረተው በአንድ እምነት ላይ ብቻ ነው፦ ከቢዩሬቱ የወረደው ቤዝ በሙሉ በአሲዱ ተበልቷል የሚል። ይህ እምነት እውነት የሚሆነው አሲዱ ተሟጦ ባለቀበት ነጥብ ላይ ስንቆም ነው። ከዚያ ነጥብ በኋላ የሚወርደው ጠብታ የሚዋሃደው አሲድ ስለማያገኝ በፍላስኩ ውስጥ ትርፍ ሆኖ ይቀመጣል፤ ቢዩሬቱ ግን የትኛው ሚሊ ሊትር ሥራ እንደሠራና የትኛው ያለ ሥራ እንደፈሰሰ ለይቶ አይነግረንም፣ ሁሉንም በአንድ ላይ ቆጥሮ ያሳያል። ቀመሩን ተመልከቺ፦

C(አሲድ) = C(ቤዝ) × V(ቤዝ) ÷ V(አሲድ)

V(ቤዝ) ከላይ፣ በአካፋዩ ሳይሆን በተካፋዩ ወገን ስለሚገኝ፣ ያለ ሥራ የፈሰሰው እያንዳንዱ ጠብታ በፍላስኩ ውስጥ ፈጽሞ ያልነበረ አሲድ ሆኖ ይመዘገባል። በ20.60 ብናሰላ የተቀጠነው አሲድ 0.08339 ሞላር፣ ዋናው አቼቶ 0.8339 ሞላር፣ በመቶኛ 5.01 ይወጣል። በአንቺ 21.45 ደግሞ 0.8683 ሞላር ይሆናል። በሁለቱ መካከል ያለው የ0.85 ሚሊ ሊትር ልዩነት፣ አንዱን ጠብታ 0.05 ሚሊ ሊትር ብንቆጥረው፣ አሥራ ሰባት ጠብታ ያህል ነው፤ ውጤቱንም በ4.1 በመቶ ከፍ አድርጎታል። አንድ ጠብታ ብቻ ብታልፊ ኖሮ ስህተቱ ከሩብ በመቶ ያነሰ ስለሚሆን ይህን ደብዳቤ ባልጻፍኩልሽ ነበር።

«አሥራ ሰባት ጠብታ ሙሉ ሲያልፈኝ እንዴት አላየሁም?» ብለሽ መጠየቅሽ አይቀርም፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። አሲዱ ልክ ባለቀበት ነጥብ ላይ በፍላስክሽ ውስጥ ያለው ሶዲየም አሲቴት ራሱ ደካማ ቤዝ ስለሆነ ፒኤች 8.5 አካባቢ ይሆናል። ፌኖልፍታሊን ደግሞ ቀለሙን የሚለውጠው በግምት ከ8.3 እስከ 10 ባለው ክልል ውስጥ ስለሆነ ለዚህ ሥራ የተመረጠው በምክንያት ነው። ነገር ግን ከዚያ ነጥብ በላይ አንድ ጠብታ ብቻ ፒኤቹን ወደ 9.7 ያዘልለዋል፤ በሁለት ሦስት ጠብታ ደግሞ 10ን ያልፋል። በአንቺ ሁኔታ፣ 0.85 ሚሊ ሊትሩ ወደ 96 ሚሊ ሊትር በሚጠጋ ጠቅላላ ፈሳሽ ውስጥ ሲበተን፣ ፒኤቹ 11 ገደማ ይደርሳል። ፌኖልፍታሊኑ ግን ሊደምቅ የሚችለውን ያህል አስቀድሞ ደምቆ ጨርሷል። ስለዚህ በአራት ጠብታም ሆነ በአሥራ ሰባት ጠብታ ያለፈ ፍላስክ ለዓይን ያው ደማቅ ሮዝ ነው፤ ቀለሙ ማለፍሽን ይነግርሻል እንጂ ምን ያህል እንዳለፍሽ አይነግርሽም። ከማለፍሽ በኋላ ከንባቡ ላይ በግምት ቀንሶ ማስተካከልም የማይቻለው በዚህ የተነሳ ነው።

የሁለቱ ንባቦች መቀራረብ እንዳዘናጋሽ ይገባኛል፤ ብዙ ተማሪ የሚሳሳተውም እዚሁ ላይ ነው። የተቀራረቡት ግን ሁለቱንም ጊዜ በአንድ ዓይነት ልማድ፣ በአንድ ዓይነት ቀለም ላይ ስለዘጋሽ ነው። አንድ ዓይነት ስህተት ሁለት ጊዜ በጥንቃቄ ቢደገም የሚሰጠው ሁለት ተመሳሳይ የተሳሳቱ ቁጥሮችን ነው። የንባብ መዋዠቅ አንዴ ከፍ አንዴ ዝቅ ስለሚል ሲማከል ይቀንሳል፤ የመጨረሻውን ነጥብ ማለፍ ግን ምንጊዜም ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚገፋ ስለሆነ አሥር ጊዜ ቢማከልም ከቦታው አይነቃነቅም። ሦስተኛውን ንባብ ትክክል ነው የምለውም በጠርሙሱ ላይ ከተጻፈው 5 በመቶ ጋር ስለተስማማ እንዳይመስልሽ። በመለያው ላይ ያለውን ቁጥር ዳኛ ካደረግነው ታይትሬሽኑ ራሱ አላስፈለገም ነበር። የምመርጠው ከጎኑ የተጻፈው ቀለም ፈዛዛ ስለሆነ ነው።

ቀለሙን እስኪደምቅ ለምን እንደጠበቅሽው ፍንጩ በደብተርሽ ጠርዝ ላይ በእርሳስ ተጽፏል፦ «ሮዙ እየጠፋ ስላስቸገረኝ ጨመርኩበት»። ይህ ዓረፍተ ነገር ከሪፖርቱ ሁሉ የበለጠ ጠቅሞኛል። ፈዛዛው ሮዝ ቀለም በእርግጥ ይጠፋል፤ የሚጠፋውም ፍላስኩን ስናሽከረክር ከአየር የሚገባው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በውሃው ውስጥ ደካማ አሲድ ስለሚሆንና ያቺን ጥቂት ትርፍ ቤዝ ስለሚበላት ነው። ከግማሽ ደቂቃ በኋላ ቀለሙ ቢደበዝዝ አቼቶው ገና አላለቀም ማለት አይደለም። አንቺ ግን ቀለሙ እንዲሰነብት ስትጨምሪ አየሩን ታይትሬት ማድረግ ጀምረሽ ነበር፤ አየሩ ደግሞ አያልቅም። ስለዚህ ደንቡ ይህ ነው፦ ፈዛዛ ሮዝ ቀለም በመላው ፈሳሽ ውስጥ ለ30 ሰከንድ ያህል ከቆየ ይዘጋል፣ ይነበባል፣ ከዚያ በኋላ ቢጠፋም አይነካም።

ሌሎች ጥርጣሬዎችንም መርምሬ ትቻቸዋለሁ። ቢዩሬቱ በቤዙ ሳይታጠብ ውሃ ቀርቶበት ቢሆን ኖሮ ቤዙ ስለሚቀጥን ንባቡ ከፍ ይል ነበር፤ አንቺ ግን ሁለት ጊዜ በራሱ በቤዙ እንዳለቀለቅሽው ጽፈሻል። በጫፉ ላይ የአየር አረፋ ቢኖር አንድ ንባብ ያበላሽ ይሆናል እንጂ ሁለቱን በተመሳሳይ መጠን ሊያበላሽ አይችልም።

ወደ ፊት እንዳትደናገሪ አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም «ማለፍ ውጤቱን ከፍ ያደርጋል» ብለሽ በቃልሽ ከያዝሽው በሌላ ቀን ያሳስትሻል። ማለፍ ከፍ የሚያደርገው የማናውቀው ፈሳሽ በፍላስኩ ውስጥ ሲሆን ነው። ፖታሲየም ሃይድሮጅን ፍታሌት መዝነሽ የቤዙን የራሱን ኮንሰንትሬሽን በምታገኚበት ጊዜ የማይታወቀው ያለው በቢዩሬቱ ውስጥ ስለሆነ፣ የቤዙ መጠን ወደ አካፋዩ ቦታ ይወርዳልና ያው ማለፍ ውጤቱን ዝቅ ያደርገዋል። የዚህን ሙከራ 0.1012 ሌላ ሰው አዘጋጅቶ ሰጥቶሻል፤ አንቺው ራስሽ በዚያው ልማድሽ ወስነሽው ቢሆን ኖሮ ሁለቱ ስህተቶች በከፊል ተጣፍተው፣ ምናልባት 5 በመቶ አካባቢ የሆነ መልካም የሚመስል ቁጥር ይወጣና ማናችንም ምንም ሳንጠረጥር እናልፍ ነበር።

አሁን ወደ ሥራው። አንድ ደህና ንባብ ብቻውን ለሪፖርት ስለማይበቃ፣ የተረፈውን የተቀጠነ አቼቶ በደንብ ከድነሽ ካስቀመጥሽው ቢያንስ ሁለት ሙከራ ድገሚ። እስከ 20 ሚሊ ሊትር ድረስ በልበ ሙሉነት ልቀቂው፤ ከዚያ በኋላ አንድ አንድ ጠብታ እየጨመርሽ፣ በየጠብታው ፍላስኩን እያሽከረከርሽ ሂጂ። ሮዙ ብቅ ብሎ ለመጥፋት መዘግየት ሲጀምር ግማሽ ጠብታ በቢዩሬቱ ጫፍ ላይ እንዲንጠለጠል አድርገሽ በፍላስኩ ግድግዳ ላይ ካስነካሽው በኋላ በተጣራ ውሃ አጥበሽ አውርጂው። ከፍላስኩ ሥር ነጭ ወረቀት አንጥፊ፤ ፈዛዛ ሮዝን ከእንጨት ጠረጴዛ ላይ መለየት ለእኔም ያስቸግረኛል።

ምናልባት እንደገና ቢያመልጥሽ ፍላስኩን አትድፊው። ከዚያው ከተቀጠነው አቼቶ 2.00 ሚሊ ሊትር በትክክለኛ ፒፔት ጨምሪበት፤ ቀለሙ ይጠፋል፣ ከዚያ በጥንቃቄ እስከ ፈዛዛው ሮዝ ቀጥዪና የአሲዱን መጠን 27.00 ብለሽ አስዪ። የሦስተኛው ሙከራሽ ንባብ ትክክል ከሆነ ቢዩሬቱ 22.25 አካባቢ ላይ መቆም አለበት። 1.00 ሚሊ ሊትር ብቻ ብትጨምሪ ያን ቀን ባልበቃሽ ነበር፤ አንድ ሚሊ ሊትር አሲድ የሚበላው 0.82 ሚሊ ሊትር ቤዝ ሲሆን የአንቺ ትርፍ 0.85 ነበርና።

ሪፖርቱን ስታርሚ 21.40 እና 21.50ን አትሰርዣቸው። በሰንጠረዡ ውስጥ እንዳሉ ይቀመጡ፤ ከጎናቸው «የመጨረሻው ነጥብ ታልፏል፣ ደማቅ ሮዝ» ብለሽ ጻፊና ከማዕከላዊው ስሌት ውጭ አድርጊያቸው። ስለ ፋብሪካው የጻፍሽውን አንቀጽ አዲሶቹ ንባቦች እስኪገኙ አቆይው። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ስንገናኝ ደብተሩን ራሱን ይዘሽ ነዪ፣ በፎቶው ላይ የሁለተኛው ሙከራ መነሻ ንባብ ጥላ አርፎበት በደንብ አይታየኝምና።

አክባሪሽ፣
የኬሚስትሪ አስጠኚሽ