ለኬሚስትሪ መምህሬ፦ ስቶይኪዮሜትሪ ላይ እርዳታ ስለመጠየቅ

ኅዳር 18 ቀን 2018 ዓ.ም.
ቱሉ ዲምቱ፣ አዲስ አበባ

ይድረስ ለተከበሩ የኬሚስትሪ መምህሬ፣

ጤና ይስጥልኝ መምህር። ያሬድ እባላለሁ፤ የሴክሽን 7 ተማሪ ነኝ። ከኋላ፣ በመስኮቱ በኩል ነው የምቀመጠው። ምናልባት አያውቁኝም፤ እስካሁን ክፍል ውስጥ አንድም ጥያቄ ጠይቄ አላውቅም። "ገብቷችኋል?" ሲሉን ግን "አዎ!" ብለው ከሚጮኹት አንዱ እኔ ነኝ። አልገባኝም ነበር።

ያለፈው ሳምንት ኩዊዝ ላይ ከ10 ያገኘሁት 3 ነው። አሳይመንቱ ላይ 9 አግኝቼ ስለነበር ግራ ሳይገባዎት አይቀርም። እውነቱን ልንገርዎት፦ አሳይመንቱን ከጓደኛዬ ገልብጬ ነው። ይህን መጻፍ ከብዶኛል። ግን 9ኙን ይዤ "አልገባኝም" ብልዎት ማን ያምነኛል?

ስቶይኪዮሜትሪ ከመጀመሩ በፊት ያን ያህል አልተቸገርኩም። ኢኩዌሽን ባላንስ ማድረግ እችላለሁ። ሞላር ማስም ከፔሪዮዲክ ቴብል አይቼ እደምራለሁ። ሁሉም የሚምታታብኝ ግራም ሲመጣ ነው። የኩዊዙን ተራ ቁጥር 4 ያስታውሱታል፦

N₂ + 3H₂ → 2NH₃

28 ግራም ናይትሮጅንና 9 ግራም ሃይድሮጅን ቢኖር ስንት ግራም አሞኒያ ይገኛል ነበር ጥያቄው። እኔ 9 ከ28 ያንሳል ብዬ ሃይድሮጅኑን ሊሚቲንግ ሪአክታንት አደረግኩት። 9ን ለ2 አካፍዬ 4.5 ሞል፣ ከዚያ 3 ሞል አሞኒያ፣ ከዚያ 51 ግራም። ደስ ብሎኝ ነው አስረክቤ የወጣሁት። ማታ ጓደኛዬ ወረቀቱን አይቶ ሳቀ። "28 እና 9 ሲደመር 37 ነው። ቀሪውን 14 ግራም ከየት አመጣኸው?" አለኝ። መልስ አልነበረኝም። መልሱ 34 ግራም እንደሆነ አሁን አውቃለሁ፤ ናይትሮጅኑ 1 ሞል ብቻ ስለሆነ ቀድሞ የሚያልቀው እሱ ነው። ግን ሌላ ጥያቄ ቢሰጠኝ ያንኑ ስህተት እንደምደግመው ይሰማኛል።

የሚገርመው፣ ነገሩ ከቤታችን የራቀ አይደለም። ወንድሜ እዚህ ሰፈር የብረት በርና መስኮት ይሠራል። ቅዳሜ ቅዳሜ አግዘዋለሁ። አንድ በር 3 ማጠፊያ ይፈልጋል። 10 በርና 27 ማጠፊያ ካለን 9 በር ገጥመን አንዱ ይቀራል። ይህን ለማወቅ ወረቀትም አያስፈልገኝም። ማጠፊያ 27 ሆኖ በር 10 ስለሆነ "በሩ ያንሳል" የሚል ሰው የለም። ኬሚስትሪ ላይ ግን እኔ ልክ እንደዚያ ነው የምለው! ሚስማር ደግሞ በኪሎ ነው የምንገዛው፤ ወንድሜ ኪሎው ስንት ፍሬ እንደሚሆን በግምት ያውቃል። ሞላር ማስ ሥራው ይኸው ከኪሎ ወደ ፍሬ ማሻገር ይመስለኛል። ልክ ነኝ? ልክ ከሆንኩ፣ ለምን ፈተና ላይ ይጠፋብኛል?

ሌላም አለ። ከፊት ያለውን ቁጥር አንዳንዴ ሞላር ማሱ ውስጥ አስገባዋለሁ። ተራ ቁጥር 2 ላይ 2H₂O ስላየሁ የውሃን ሞላር ማስ 18 በማለት ፈንታ 36 አድርጌ ሠራሁ። መቼ እንደሚባዛ፣ መቼ እንደሚካፈል በቃሌ ይዣለሁ እንጂ ምክንያቱን አላውቀውም።

ሃይስኩል ላይ ይህን ምዕራፍ በጥድፊያ ነው ያለፍነው፤ መምህራችን በዓመቱ መሃል ለቀው ሄደው ነበር። ሰበብ እንዳይመስልብኝ። ክፍተቱ የት እንዳለ ብጠቁምዎት ጊዜዎን ይቆጥባል ብዬ ነው።

እና ልመናዬ ይህ ነው፦ ከሚድ በፊት ሁለት ሳምንት አለን። ሐሙስ ከክፍል በኋላ፣ ከ9 ሰዓት ጀምሮ፣ ግማሽ ሰዓት ብቻ ቢሰጡኝ። ሁለት ጊዜ ከሆነ ይበቃኛል። ሐሙስ ካልተመቸዎት በሚመችዎት ቀን ጠዋትም እመጣለሁ፤ ታክሲ ሰልፉ ረጅም ስለሆነ ከ2 ሰዓት በፊት መድረሴን ግን እርግጠኛ አይደለሁም። ጊዜ ከሌለዎት ደግሞ የሌላ ሴክሽን ቱቶሪያል ላይ እንድቀመጥ ቢፈቅዱልኝ አመሰግናለሁ። ባዶ እጄን አልመጣም። ከሃንድአውቱ መጨረሻ ካሉት ጥያቄዎች 6ቱን ራሴ ሞክሬ፣ የተሰናከልኩበትን መስመር በቀይ አስምሬ አመጣለሁ።

የአሳይመንቱን ውጤት ከቀነሱብኝም አልቀየምም።

ከአክብሮት ጋር፣
ተማሪዎ ያሬድ
ሴክሽን 7

ማስታወሻ፦ የኩዊዝ ወረቀቴን ከደብዳቤው ጋር አያይዣለሁ። ተራ ቁጥር 4 ጎን በእርሳስ የተጻፈው "14 ግራም ከየት?" የሚለው የጓደኛዬ ጽሑፍ ነው፤ ይቅርታ፣ አልጠፋ ብሎኝ ነው።